ፓስወርድን በቀን ቆጠራ ማስቀየር ይቅር፦ ለአይቲ ኃላፊዎችና ለውስጥ ኦዲተሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱ፣ በየባንኩ፣ በየዩኒቨርሲቲውና በየድርጅቱ ለምትገኙ የአይቲ ኃላፊዎችና የውስጥ ኦዲተሮች

ጉዳዩ፦ የመደበኛ ሠራተኞች ፓስወርድ በየጊዜው በግዴታ እንዲቀየር የሚያዘው ደንብ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን የምጽፍላችሁ የሠራተኛ አካውንት ማስተዳደር የዕለት ሥራው የሆነ ባለሙያ ነኝ። ጥያቄዬ አንድ ነው። በብዙዎቻችን መሥሪያ ቤት የአይቲ ፖሊሲ ውስጥ «ማንኛውም ተጠቃሚ ፓስወርዱን በየ90 ቀኑ መቀየር አለበት» የሚል አንቀጽ አለ። ይህ አንቀጽ ለመደበኛ ሠራተኞች ይነሳ፤ በምትኩ «ፓስወርዱ በሌላ ሰው እጅ ለመግባቱ ምልክት ሲኖር ወዲያውኑ ይቀየራል» የሚል ይግባ። ጥያቄው ጥበቃውን የማላላት እንደሚመስል አውቃለሁ። ብዙዎቻችሁ የ90 ቀኑን ደንብ ስትማሩም ስታስተምሩም ኖራችኋል፤ እኔም በዚያው ነው ያደግሁት። ስለዚህ ምክንያቴን ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ።

በመጀመሪያ ደንቡ በሠራተኛው ወንበር ላይ ምን እንደሚያደርግ እንይ። ጠዋት ቢሮ ገብቶ ኮምፒውተሩን ሲከፍት «የፓስወርድህ ጊዜ አልፏል፣ ቀይር» የሚል መልእክት ይጠብቀዋል። ከፊቱ ባለጉዳይ ቆሟል። አዲሱ ፓስወርድ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ይኑረው ተብሏል፤ ካለፉት ከአንዱም ጋር አንድ ዓይነት መሆን አይችልም። በዚህ ሁኔታ ማንም ሰው እጁ ላይ ያለውን ያሻሽላል እንጂ ከባዶ አይነሳም። መስከረም ላይ `Meskerem@2017` ብሎ የጀመረ ሠራተኛ ዘጠና ቀኑ ሲሞላ `Tahsas@2017` ይላል፤ ቀጥሎ `Megabit@2017`፣ ከዚያ `Sene@2017` እያለ ዓመቱን ይጨርሳል። ሌላው ደግሞ የልጁን ስም ይዞ መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2፣ 2ን ወደ 3 ያሳድጋል። ሰርቨሩ ሁሉንም «ጠንካራ» ብሎ ይቀበላቸዋል። ትልቅ ፊደል አላቸው፣ ቁጥር አላቸው፣ ምልክት አላቸው፣ ከዚህ በፊትም ሥራ ላይ አልዋሉም። ያለፉትን 24 ፓስወርዶች እንዲያስታውስ የተስተካከለ ዶሜይን እንኳ `Tahsas@2017` እና `Megabit@2017` የአንድ ዛፍ ቅርንጫፎች መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ የለውም፤ ያስቀመጠው ፓስወርዱን ሳይሆን ሃሹን ነውና፣ አንዲት ፊደል ስትለወጥ ሃሹ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ሰርቨሩ የማያየውን ግን ሰው ያየዋል። `Tahsas@2017` የተባለው ፓስወርድ በሆነ መንገድ እጁ የገባ ሰው መጋቢት ላይ መጥቶ ቢከለከል ቀጥሎ ምን እንደሚሞክር ማንም አይነግረውም፤ ራሱ ያውቀዋል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም፤ በደንብ ተለክቷል። በአሜሪካ የኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በቻፕል ሂል ተማሪዎቹና ሠራተኞቹ ፓስወርዳቸውን በየሦስት ወሩ እንዲቀይሩ ያስገድድ ነበር። ዪንቺያን ዣንግ፣ ፋቢያን ሞንሮዝና ማይክል ራይተር የተባሉ ተመራማሪዎች ከአገልግሎት የወጡ ከ10,000 በላይ አካውንቶች የቀድሞ ፓስወርዶችን ሃሽ ከዩኒቨርሲቲው አገኙ። ለእያንዳንዱ አካውንት ከአንድ በላይ፣ በጠቅላላው ከ51,000 የሚበልጡ ሃሾች ነበሩ። የጥናቱ ዋጋ እዚህ ላይ ነው፤ አንድ ሰው በተከታታይ የመረጣቸውን ፓስወርዶች ጎን ለጎን ማየት ብዙ ጊዜ የማይገኝ ዕድል ነው። ተመራማሪዎቹ መጀመሪያ የቻሉትን ያህል ሃሽ ሰበሩ። ከዚያ ሰዎች አንዱን ፓስወርድ ወደ ቀጣዩ የሚያሸጋግሩባቸውን ልማዶች ለኮምፒውተር ሕግ አድርገው ጻፉ፤ ቁጥር በአንድ መጨመር፣ ምልክቱን በሌላ ምልክት መተካት፣ ትልቁን ፊደል ከቦታ ቦታ ማዘዋወር፣ ምልክቱን ከኋላ አንስቶ ከፊት ማድረግ የመሳሰሉትን። ቀጥሎ የጠየቁት ጥያቄ የእኛው ጥያቄ ነው፦ የዚህን ሰው የቀድሞ ፓስወርድ የሚያውቅ ሌባ አዲሱን ለማግኘት ስንት ሙከራ ይበቃዋል?

በ2010 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ልጥቀስ) ያወጡት መልስ እንዲህ ነው። ከአካውንቶቹ 17 በመቶው ከአምስት ባነሰ ሙከራ ተከፈቱ። አምስት ሙከራ ማለት ብዙ መሥሪያ ቤቶች አካውንት ከመቆለፋቸው በፊት ለሠራተኛው የሚፈቅዱት ልክ ነው። የአዲሱ ፓስወርድ ሃሽ እጁ ላይ ላለና በራሱ ኮምፒውተር ለሚሞክር ሰው ደግሞ ከፓስወርዶቹ 41 በመቶው በሰከንዶች ውስጥ ተሰበሩ። ሦስት ወር እየጠበቀ የሚመጣው ደንብ በተለይ ሊያባርረው የታሰበው ሰው፣ ማለትም የድሮውን ፓስወርድ ይዞ የተደበቀው ሰው፣ ከስድስት አካውንት በአንዱ በር ላይ እንኳ ሳይዘገይ ይገባል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መናገር እፈልጋለሁ። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም። ስልጠና ስንሰጥ «አታስቡበትም» ብለን የምንቆጣቸው ሰዎች በዓመት አራት ጊዜ፣ አንዳንዴም በሦስትና በአራት ሲስተም፣ አዲስና ከቀድሞው ጋር የማይገናኝ ረጅም ነገር በቃል እንዲይዙ እያዘዝናቸው ነው። ይህን የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የማይቻለውን ስናዝ የምናገኘው ታዛዥነት ሳይሆን ታዛዥነት የሚመስል ነገር ነው፤ ኪቦርድ ሥር የተለጠፈች ወረቀት የዚሁ ውጤት ናት።

ታዲያ ደንቡ ከየት መጣ? መነሻው ከንቱ አልነበረም። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የኮምፒውተር ደህንነት ማዕከል በ1985 ባወጣው የፓስወርድ አያያዝ መመሪያ ውስጥ ቀላል ስሌት አለ። አንድ ፓስወርድ በዕድሜው ውስጥ ተገምቶ የመገኘት ዕድሉ እንዲህ ይሰላል፦

```
P = L × R / S
```

`L` ፓስወርዱ የሚቆይበት ጊዜ፣ `R` በዚያ ጊዜ መለኪያ ሌባው ማድረግ የሚችለው የሙከራ ብዛት፣ `S` ደግሞ ሊኖሩ የሚችሉ ፓስወርዶች ጠቅላላ ቁጥር ነው። ዕድሜውን ስታሳጥሩ ዕድሉ ይቀንሳል። ስሌቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሁለት ነገሮችን ይዞ ነው የሚነሳው። አንደኛው፣ ፓስወርዱ በማሽን በዕጣ የወጣ ነው፤ መመሪያው ራሱ ፓስወርዶች በማሽን እንዲፈጠሩ ይመክር ነበር። ሁለተኛው፣ ሌባው በሰርቨሩ በር ቆሞ፣ በዘመኑ ቀርፋፋ የስልክ መስመር፣ አንድ በአንድ የሚሞክር ነው። በዚህ ስሌት እንኳ ሰነዱ የመከረው ከፍተኛ ዕድሜ አንድ ዓመት ነበር።

ዛሬ ባለው ቁጥር እናስላው። በዕጣ የወጣ ስምንት የእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ያለው ፓስወርድ እንውሰድ። ሊኖር የሚችለው ብዛት 26 በራሱ ስምንት ጊዜ ተባዝቶ ወደ 209 ቢሊየን ይጠጋል። ሰርቨራችን ሌባውን በሰዓት ከ100 ሙከራ በላይ አያስሞክረውም እንበል። በ90 ቀን ውስጥ 216,000 ሙከራ ያደርጋል፤ የማግኘት ዕድሉ ከአንድ ሚሊየን አንድ ገደማ ነው። ፓስወርዱ ሳይቀየር ዓመቱን ሙሉ ቢቆይ ሙከራው 876,000 ይሆናል፤ ዕድሉም ከ238,000 አንድ። ሁለቱም ኢምንት ናቸው። ፓስወርዱ ላይ አንድ ፊደል ብንጨምር ዕድሉ በ26 ይካፈላል፤ ከ90 ቀኑ ደንብ ያገኘነው አራት እጥፍ ጥቅም በአንዲት ፊደል ብቻ ተመልሶ ይተርፈናል።

አሁን ሌላውን ሌባ እናምጣ፤ ሰርቨሩን ሰብሮ የሃሾቹን ፋይል ይዞ የሄደውን። በዊንዶውስ ዶሜይን ውስጥ የሚቀመጠው የፓስወርድ ሃሽ ለመሞከር ፈጣን የሆነ ዓይነት ነው። ለጌም የሚሸጥ አንድ ዘመናዊ የግራፊክስ ካርድ በሰከንድ ከ100 ቢሊየን በላይ ይሞክራል። ከላይ ያሰላነውን 209 ቢሊየን በሁለት ሰከንድ ገደማ ይጨርሰዋል። ለዚህ ሰው 90 ቀን ምኑ ነው? 30 ቀን ብናደርገው፣ አንድ ቀንም ብናደርገው ያው ነው። ለመጀመሪያው ሌባ 90 ቀን ያለ ምክንያት አጭር ነው፤ ለሁለተኛው ያለ ልክ ረጅም ነው። በመካከላቸው ቀን መቁጠሪያው የሚረዳበት ሦስተኛ ሌባ ቢኖር የድሮውን ፓስወርድ ይዞ በትዕግሥት የሚጠብቀው ነው፤ እሱን ደግሞ የቻፕል ሂሉ ጥናት አሳይቶናል። ከዚህም በላይ ፓስወርድ የሰረቀ ሰው ሥራውን የሚሠራው በዚያው ቀን ነው። ኢሜይሉን ይገለብጣል፣ ወደ ሌላ አድራሻ እንዲያስተላልፍለት ያስተካክላል፣ ሌላ መግቢያ ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ ፓስወርዱ ቢቀየር ባይቀየር ግድ የለውም።

የመመሪያ አውጪዎቹ መለወጥ ከዚህ የመጣ ነው። የአሜሪካው ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም በምህጻሩ ኒስት በ2017 ባወጣው የዲጂታል መለያ መመሪያ (`SP 800-63B`) ፓስወርድን ያለ ምክንያት በየጊዜው ማስቀየር እንዲቀር መከረ፤ በ2025 በወጣው አራተኛው እትም ደግሞ ምክሩን ወደ ክልከላ ከፍ አድርጎ በየጊዜው ማስቀየር አይፈቀድም አለ። በሁለቱም እትሞች አንድ ግዴታ አልተነካም፤ ፓስወርዱ ለመጋለጡ ማስረጃ ሲኖር የግድ መቀየር አለበት። የብሪታንያ የሳይበር ደህንነት ማዕከልም ተመሳሳይ ምክር ሲሰጥ ቆይቷል። ማይክሮሶፍት በ2019 ለዊንዶውስ 10 `1903` ባወጣው የደህንነት መነሻ ቅንብር ውስጥ የፓስወርድ ማብቂያ ቀንን አወጣ። ይህን የምጠቅሰው የፈረንጅ ሰነድ ስለሆነ እንድትቀበሉት አይደለም። የብዙዎቻችን ደንብ «ዓለም አቀፍ ልምድ» ተብሎ የተወሰደው ከእነዚሁ ተቋማት የቀድሞ ምክር ስለሆነና እነሱ ምክሩን ከተዉት ዓመታት ስለተቆጠሩ ነው።

ደንቡ ጥቅም የለሽ ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልጨቀጭቃችሁም ነበር። ጉዳት አለው፤ ከጉዳቶቹ ሁለቱን ላንሳ።

የመጀመሪያው፣ በአንድ መሥሪያ ቤት ሁሉም ሠራተኛ በየሦስት ወሩ ሲቀይርና ብዙዎች ወርና ዓመት ሲጠቀሙ ሌባው የማንንም ፓስወርድ ማወቅ አያስፈልገውም። የሠራተኞቹን ዩዘር ኔም ከኢሜይል አድራሻቸው ያገኘዋል። ከዚያ `Sene@2017` የሚለውን አንድ ፓስወርድ በ400 አካውንት ላይ አንድ አንድ ጊዜ ይሞክራል። አምስት ጊዜ ሲሳሳቱ የሚቆልፈው ሥርዓት ምንም አያይም፤ ማንም አካውንት ከአንድ ጊዜ በላይ አልተሳሳተምና። በማግስቱ `Sene2017!` ይላል። ከ400 ሰው አንዱ ከገጠመው በቂ ነው። ቀን መቁጠሪያው ሠራተኛውን ወደ ቀን መቁጠሪያ ወስዶት፣ ለሌባው የሚሞክረውን ዝርዝር አዘጋጀለት።

ሁለተኛው የማታለያ ኢሜይል ነው። «የፓስወርድህ ጊዜ ዛሬ ያበቃል፤ አካውንትህ እንዳይዘጋ እዚህ ተጭነህ አድስ» የሚል ደብዳቤ ለምን ይሠራል? እኛ ራሳችን እንዲህ ያለ ማሳሰቢያ በዓመት አራት ጊዜ ስለምንልክ ነው። ሠራተኛው የእኛን ከሌባው የሚለይበት ነገር የለውም፤ ሁለቱም ያስቸኩሉታል፣ ሁለቱም ፓስወርድ ያስጽፉታል። የማብቂያ ቀን የሌለው መሥሪያ ቤት ግን ለሠራተኛው አንድ አጭር ነገር መናገር ይችላል፦ ፓስወርድህ ጊዜው አለፈ የሚል ኢሜይል ከእኛ አይመጣም፤ ከመጣ ሐሰት ነው፤ ደውልልን። ከአንድ ሰዓት ስልጠና ይህ ይበልጣል።

ሄልፕ ዴስክ ላይ የሠራ ሰው ሌላም ሊጨምር ይችላል። ፓስወርድ በተቀየረ ማግስት የሠራተኛው ስልክ የድሮውን ይዞ ኢሜይል ለመክፈት ደጋግሞ እየሞከረ አካውንቱን ይቆልፈዋል፤ ሰውየው ይደውላል፤ በዚያ ጠዋት የሚደውሉት ብዙ ስለሆኑ ማንነቱ በጥንቃቄ ሳይጣራ አዲስ ፓስወርድ በስልክ ይነገረዋል። በስልክ ፓስወርድ ማስቀየር የተለመደ ነገር በሆነበት ቤት የሌላ ሰው ስም ይዞ የሚደውል አታላይ ከሌሎቹ ጋር ተሰልፎ ይስተናገዳል።

ደንቡ ሲነሳ ቦታው ባዶ መቅረት የለበትም፤ ይህን ሳያደርጉ ማብቂያውን ብቻ ማጥፋትን አልደግፍም። በእኔ ግምት ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣው የተከለከሉ ፓስወርዶች ዝርዝር ነው። ሠራተኛው አዲስ ፓስወርድ ሲመርጥ ሲስተሙ ከዝርዝሩ ጋር አስተያይቶ ካለበት ይመልሰዋል። በዓለም ላይ ከተዘረፉ ድረ ገጾች ወጥተው የታወቁ ፓስወርዶች ስብስብ `Have I Been Pwned` በሚባለው አገልግሎት በሃሽ መልክ በነፃ ይገኛል፤ በሙሉ አውርዶ በራስ ሰርቨር ላይ ማስቀመጥ ስለሚቻል የሠራተኛ ፓስወርድ ከግቢ አይወጣም። ነገር ግን የውጭ ዝርዝር የእኛን ልማድ በበቂ አያውቅም። ስለዚህ የአሥራ ሦስቱ ወሮቻችን ስም በሚጻፉባቸው የተለያዩ አጻጻፎች ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤቱ ስምና ምህጻር፣ የከተማውና የአገሩ ስም፣ የታወቁ የእግር ኳስ ክለቦችና የበዓላት ስሞች በእጅ ይጨመሩበት። ታኅሣሥን ብቻ `Tahsas`፣ `Tahsass`፣ `Tahisas` ብለው የሚጽፉ አሉ። ይህን ዝርዝር ከእኛ በቀር ማንም አያዘጋጅልንም።

ቀጥሎ ርዝመት ነው። ኒስት በአዲሱ እትም ፓስወርድ ብቻውን መግቢያ ከሆነ ቢያንስ 15 ፊደል፣ ከሁለተኛ ማረጋገጫ ጋር ከሆነ ቢያንስ 8 ይላል፤ ትልቅ ፊደልና ምልክት የግድ ይኑር የሚለውን ደንብም አብሮ ከልክሏል። አራት የማይገናኙ የአማርኛ ቃላት በላቲን ፊደል ቢጻፉ 15ን በቀላሉ ያልፋሉ፤ ለማስታወስም ከ`Xk7#` ዓይነቱ ይሻላሉ። ሰው ይህን አንድ ጊዜ አስቦ ለመምረጥ ፈቃደኛ ነው። በየሦስት ወሩ ግን አይደለም፤ የማብቂያው ቀን መነሳትና የርዝመቱ መጨመር አብረው የሚመጡትም ለዚህ ነው። ሁለተኛ ማረጋገጫ፣ ማለትም በስልክ ላይ ያለ ኮድ ሰጪ መተግበሪያ ወይም የሚሰካ የደህንነት ቁልፍ፣ ቢያንስ ከውጭ ለሚከፈተው ኢሜይልና ቪፒኤን ይግባ። የተሰረቀን ፓስወርድ ዋጋ የሚያሳጣው እሱ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው «ምልክት ሲኖር» የሚለውን ቃል እውነት ማድረግ ነው። ምልክቱን የሚያይ ሰው ከሌለ አዲሱ አንቀጽ ወረቀት ብቻ ነው። ማየት ግን ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ዊንዶውስ ሰርቨር የከሸፈ መግቢያን `4625` እና `4771` በሚሉ ቁጥሮች፣ የተቆለፈ አካውንትን በ`4740` ይመዘግባል። ቀደም ብዬ የነገርኳችሁ የ400 አካውንት ጥቃት በእነዚህ መዝገቦች ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፦ ከአንድ አድራሻ፣ በአጭር ጊዜ፣ ብዙ የተለያዩ ስሞች፣ እያንዳንዳቸው አንድ ጊዜ ከሽፈዋል። አንድ ሠራተኛ ከስልኩ ሲቸገር የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው፤ አንድ ስም፣ ብዙ ጊዜ። በዚያ ጥቃት መካከል `4624` የሚል የተሳካ መግቢያ ከዚያው አድራሻ ከታየ የዚያ ሰው ፓስወርድ በዚያው ሰዓት ይቀየራል፣ ክፍት የሆኑ ግንኙነቶቹ ሁሉ ይቋረጣሉ፣ የኢሜይሉ የማስተላለፊያ ቅንብር ይፈተሻል። ፓስወርዱን ቀይሮ የተከፈተውን ግንኙነት መተው ሌባውን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን መቆለፍ ነው። ሠራተኛው ራሱ «የማታለያ ሊንክ ላይ ጽፌያለሁ» ብሎ ሲናገርም ያው እርምጃ ይወሰዳል፤ እንዲናገር ደግሞ የማይቀጣ መሆኑን ማወቅ አለበት።

ጥያቄዬ የማይመለከታቸው አሉ። ብዙ ሰው በጋራ የሚያውቀው ፓስወርድ፣ ለምሳሌ የራውተር ወይም የአንድ አሮጌ ሲስተም፣ ከሚያውቁት አንዱ ሥራ በለቀቀ ቁጥር መቀየር አለበት፤ ያ ግን የቀን ጉዳይ አይደለም፣ ሰው መልቀቁ ራሱ ምልክቱ ነው። የአስተዳዳሪ አካውንቶችና ፕሮግራሞች የሚገቡባቸው አካውንቶች የራሳቸው አያያዝ ስላላቸው ከዚህ ደብዳቤ ውጭ ናቸው። የባንክ ባልደረቦች ደግሞ የክፍያ ካርድ መረጃ የሚያልፍባቸው ሲስተሞች በፒሲአይ ዲኤስኤስ ደረጃ ሥር መሆናቸውን ታውቃላችሁ። ያ ደረጃ በአራተኛው እትሙም ፓስወርድ ብቻውን መግቢያ በሆነበት ሲስተም የ90 ቀን ለውጥን እንደ አንዱ አማራጭ ይዞ ቀጥሏል፤ ሁለተኛ ማረጋገጫ ባለበት ግን ግዴታው አይጸናም። እንግዲህ የካርዱ ሲስተም በራሱ ደንብ ይተዳደር፤ ለእሱ የተጻፈውን ግን በየቅርንጫፉ ላለ ሠራተኛ ሁሉ የኢሜይል አካውንት መጫን ደረጃው የጠየቀው ነገር አይደለም።

ሥራውን ለሚሠራው ባለሙያ ጥቂት ልጨምር። በዊንዶውስ ዶሜይን ለውጡ የሚደረገው በ`Default Domain Policy` ውስጥ፣ `Account Policies` ሥር `Password Policy` ላይ `Maximum password age` የሚለውን 0 በማድረግ ነው። ማንም ሳይነካው የቆየ ዶሜይን 42 ቀን ይዞ ታገኙታላችሁ፤ የማይክሮሶፍት የመነሻ ቁጥር ነው። በእያንዳንዱ ሠራተኛ አካውንት ላይ `Password never expires` የሚለውን ሳጥን ምልክት በማድረግ አትሥሩት። ውጤቱ አንድ ይመስላል፤ ነገ ግን ደንቡን የሚከተሉትን ከደንብ ውጭ ከተተዉት አሮጌ አካውንቶች መለየት አትችሉም። የ15 ፊደል ርዝመት በተለመደው ቦታ ከ14 በላይ አልቀበል ካላችሁ በ`Fine-Grained Password Policy` ለሠራተኞች ቡድን ለይቶ ማዘዝ ይቻላል፤ በዚያ መንገድ ከሄዳችሁ ማብቂያውንም እዚያው ላይ አስተካክሉ፣ ለቡድኑ የሚሠራው የእሱ ቅንብር ነውና። ለውጡ መድረሱን በአንድ ትእዛዝ ታረጋግጣላችሁ፦

```
net accounts /domain
```

`Maximum password age (days)` ከሚለው ጎን `Unlimited` ካለ የዶሜይኑ ደንብ ተነስቷል። ቅደም ተከተሉን ግን አደራ። መጀመሪያ የተከለከሉት ዝርዝር ይግባ፣ ርዝመቱ ይስተካከል፤ ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ ለመጨረሻ ጊዜ በአዲሱ መስፈርት ይቀይር፤ ማብቂያው የሚጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። በተቃራኒው ከሠራችሁት `Sene@2017` ለዘለዓለም ይኖራል።

ወደ እናንተ ወደ ኦዲተሮቹ እመለሳለሁ፤ ብዙ የአይቲ ኃላፊ ይህን ሁሉ ተቀብሎም ደንቡን የማያነሳው እናንተን ፈርቶ ነውና። ቅጻችሁ ላይ «ፓስወርድ በየ90 ቀኑ ይቀየራል? አዎ/አይደለም» የሚል ጥያቄ እስካለ ድረስ «አይደለም» ብሎ መመለስ ግኝት ሆኖ ሪፖርት ላይ ይወጣል። ያ ጥያቄ በእነዚህ ይተካ፦ የተከለከሉ ፓስወርዶች ዝርዝር አለ ወይ፣ መቼ ታደሰ፣ በፊታችን `Megabit@2017` ሲሞከር ይመልሳል ወይ? ባለፈው ሩብ ዓመት በምልክት ምክንያት ስንት ፓስወርድ ተቀየረ፣ ምልክቱ ከታየ በስንት ሰዓት? ከመሥሪያ ቤቱ የለቀቁ ሠራተኞች አካውንት በለቀቁበት ቀን ተዘግቷል? ከውጭ በሚከፈቱ ሲስተሞች ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ የሌለው ማን ነው፣ ለምን? እነዚህ መዝገብ ተገልብጦ የሚመለሱ ጥያቄዎች ናቸው። የቀጣዩ በጀት ዓመት የኦዲት ዕቅድ ከመጽደቁ በፊት ቅጹ እንዲስተካከል፣ የአይቲ ኃላፊዎችም የፖሊሲ ማሻሻያውን ረቂቅ ከዚያ አስቀድማችሁ ለማኔጅመንት እንድታቀርቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የሥራ ባልደረባችሁ